የአማርኛ ፋይል ስም ሲበላሽ፦ ከፍርስራሹ ምን ይነበባል?

ደብረ ማርቆስ ላይ በማክ ኮምፒውተር የታሸገ ዚፕ ፋይል ባሕር ዳር ደርሶ በዊንዶውስ ሲፈታ፣ «ቅኔ» የነበረው ስም `ßëàßèö` ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ይጠረጥራል፤ ካልሆነም ፍላሹን ወይም ኔትወርኩን። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ በእጁ መጻፍ ይጀምራል፣ ወይም ለላኪው «ሁለተኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ላክልኝ» ብሎ ይደውላል። ሁለቱም አያስፈልጉም። የተበላሸው ስም ራሱ የት እንደተበላሸ፣ ማን እንዳበላሸውና ይመለስ እንደሆነ ይናገራል። ማንበቡን ማወቅ ብቻ ነው።

በፋይሉ ውስጥ ያለው ድምፅ፣ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ምንም አልሆነም። ከታች የምናወራው ሁሉ ስለ ስሙ ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው የፊደሉን መልክ ሳይሆን ቁጥሩን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቋሚ ቁጥሮቹን ያገኘው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሦስተኛው እትም ነው። እነዚህ ቁጥሮች ወደ ፋይል ስም ሲገቡ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ቅ» `E1 89 85` ነው፤ «ኔ» ደግሞ `E1 8A 94`። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድ ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የሚያበላሹን ፕሮግራሞች አብዛኞቹ አንድ ባይት ሁሉ አንድ ፊደል ነው ብለው የሚያምኑ በመሆናቸው የእኛን አንድ ፊደል ሦስት ቦታ ይቆርጡታል። «ቅኔ» ሁለት ፊደል ሆኖ ሳለ ፍርስራሹ ስድስት ምልክት የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ዚፕ እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባ እንይ። ዚፕ የተወለደው በ1989፣ በዶስ ዘመን ነው። የፋይል ስሞችን የሚጽፈው በመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ኮምፒውተሮች የፊደል ሠንጠረዥ፣ ቁጥሩ 437 በሆነው ነበር። ሠንጠረዡ 256 ቦታ ብቻ አለው፤ የላቲን ፊደላት፣ ጥቂት የግሪክ ፊደላትና የመስመር መሣያ ምልክቶች ሞልተውታል። ግዕዝ የለበትም። በ2006 የዚፕ ደንብ ተሻሽሎ ለእያንዳንዱ ፋይል «ይህ ስም በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ ነው» የሚል አንዲት ምልክት ተጨመረች። ምልክቷ ካለች ፈቺው ፕሮግራም ስሙን በትክክል ያነባል፤ ከሌለች ወደ አሮጌው ሠንጠረዥ ይመለሳል።

የማኩ ፋይንደር ፎልደር ሲያሽግ ስሞቹን በዩቲኤፍ 8 ይጽፋል፤ ምልክቷን ግን በአብዛኛው አያኖርም። ዊንዶውስ ምልክቷን ሲያጣ እንደ ደንቡ ሠንጠረዥ 437ን ይከፍታል፦ `E1` ማለት `ß`፣ `89` ማለት `ë`፣ `85` ማለት `à`። በዚህ መሐል አንድም ባይት አልጠፋም። ጥፋቱ የማን ነው ለሚል ሰው፣ እኔ ማክን ነው የምከሰው፤ ዊንዶውስ የተጻፈውን ደንብ ተከትሏል። ሊኑክስ በበኩሉ የማክን ዚፕ በብዙ ሁኔታ ያለ ችግር ይፈታል፤ ዚፑ ላይ «በዩኒክስ ዓይነት ሥርዓት የተሠራ» የሚል ማስታወሻ ስላለ ስሙን እንዳለ ይቀበለዋል። «ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም» የሚለው ክርክር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

እንግዲህ ፍርስራሹን እንለይ።

በተደጋጋሚ `ß` የምታዩ ከሆነና ከኋላዋ ከ`ê ë è ï î ì` አንዷ የምትከተል ከሆነ፣ ያ ያለ ጥርጥር በሠንጠረዥ 437 የተነበበ ግዕዝ ነው። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው `E1`፣ ሁለተኛው ከ`88` እስከ `8D` ስለሆነ ከእነዚህ ስድስት ጥንዶች ውጭ አይሄዱም። ይህ ከብልሽቶች ሁሉ የተሻለው ነው። ሠንጠረዥ 437 ለእያንዳንዱ ባይት የሚታይ ምልክት ስላለው፣ ከእነዚያም አንዱ እንኳ በዊንዶውስ ፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ስላልሆነ፣ ስሙ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

በ`ß` ፈንታ `á` ደጋግማችሁ ካያችሁ፣ ለምሳሌ «ቅኔ» `á‰…áŠ”` ከሆነ፣ ያነበበው ሌላ ሠንጠረዥ ነው፤ የምዕራብ አውሮፓ ዊንዶውስ ሠንጠረዥ 1252። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት አሮጌ የኤፍቲፒ ፕሮግራሞችና በደንብ ያልተዋቀሩ ድረ ገጾች ናቸው። ይኸኛውም ይመለሳል፣ ግን ቀዳዳ አለው። ሠንጠረዡ ለአምስት ባይቶች ምንም ምልክት አልመደበም፤ ከእነሱ መካከል `9D` እና `8D` አሉ። «ም» በ`9D` ትጨርሳለች። የ«ፈ»፣ የ«ፐ» እና የ«ፀ» ቤተሰቦች ደግሞ ሁለተኛ ባይታቸው `8D` ነው። አንዳንድ ፕሮግራም እነዚህን ባይቶች በማይታይ ምልክት ያሳልፋቸዋል፣ አንዳንዱ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ከዚህ ብልሽት የተመለሱ ስሞች ውስጥ እንደ «ም» እና «ፈ» ያሉ ፊደላት ያለባቸውን ለይቶ መመልከት ይገባል።

`????` ወይም `____` ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ፊደሉን ዩኒኮድ መሆኑን አውቆ ወደ ጠባብ ሠንጠረዥ ሊያስገባው ሞክሯል፣ ቦታ አላገኘለትም፣ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ጥሎታል። የጥያቄ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ ሲፈታ ወደ ሰረዝ ይለወጣል። ባይቶቹ የሉም፤ የሚመልሳቸው ፕሮግራምም የለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተመሳሳይ የፊደል ብዛት ያላቸው ስሞች ሁሉ አንድ ስም መሆናቸው ነው። «ቅኔ» እና «ዜማ» ሁለቱም `__` ይሆናሉ፣ ፈቺው «ይህ ፋይል አለ፣ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የሰለቸው ሰው «ሁሉንም ተካ» ይላል። በዚያች ቅጽበት የጠፋው ስም ብቻ አይደለም፤ በተተኩት ፋይሎች ውስጥ ያለው ድምፅም አብሮ ሄዷል። ይህ ጥያቄ ሳይጠበቅ ሲመጣ መልሱ «አቁም» ነው፤ ዋናው ዚፕ እስካለ ድረስ ገና አልረፈደም።

ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ሲደረደሩስ? ያ ብልሽት አይደለም። ስሙ ደህና ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚሥል ፎንት ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ አማርኛ ሳጥን ሆኖ ሲታይ ያው ፋይል በተለመደው መስኮት በትክክል የሚነበበው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ላይ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት መጫን ይበቃል። በክላውድ ሊንክ ውስጥ የሚታየው `%E1%89%85%E1%8A%94` የመሰለ ሰንሰለትም እንዲሁ ጤነኛ ነው፤ «ቅኔ» የሚለው ስም የድረ ገጽ አድራሻ በሚፈቅደው መንገድ ተጽፎ ነው። አስቀያሚ ቢሆንም አይነካ።

አሁን አንድ ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር እንከተል። አንድ ወጣት ዋሸራ ላይ የቀዳቸውን የቅኔ ድምፆች ደብረ ማርቆስ ላይ በማክ አደራጅቶ፣ በፎልደር በፎልደር ከፍሎ፣ «ጉባኤ ቃና»፣ «ዘአምላኪየ»፣ «መወድስ» ብሎ ሰይሞ በዚፕ ላከ እንበል። ባሕር ዳር ያለው ተቀባይ በዊንዶውስ ፈታው። የወጣው በ`ß` የተሞላ የስም ዝርዝር ነው፤ ጎን ለጎንም `__MACOSX` የሚባል ፎልደር አለ፣ በውስጡም በ`._` የሚጀምሩ ትናንሽ ፋይሎች። ይህ ፎልደር የማክ የጣት አሻራ ነው፤ ዚፑ ከየት እንደመጣ ላኪውን ሳይጠይቁ ይነግራል። ውስጡ ያለው ማክ ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ስለሆነ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ አይጠቅምም፤ ቢሰረዝ ድምፆቹ አይነኩም።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ምንም አለማድረግ ነው፤ ዚፑን አለመሰረዝ፣ የተፈታውን አለመሰየም። ዚፑ እስካለ ድረስ ጥገናው አንድ ትእዛዝ ነው። ሰቨን ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ስሞቹን በየትኛው አጻጻፍ እንዲያነብ ሊታዘዝ ይችላል፣ 65001 ደግሞ ዊንዶውስ ለዩቲኤፍ 8 የሰጠው ቁጥር ነው። የዚፑ ስም `qene.zip` ቢሆን፣ ዚፑ ያለበት ፎልደር ውስጥ `cmd` የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይህን መጻፍ ነው፦

```
"C:\Program Files\7-Zip\7z.exe" x qene.zip -mcp=65001 -oqene
```

`qene` የሚባል አዲስ ፎልደር ይፈጠራል፣ ስሞቹም በአማርኛ ይወጣሉ። ቀድሞ የተፈታውን ፎልደር ከዚህ በኋላ መጣል ይቻላል።

የከበደው ነገር የሚመጣው ተቀባዩ ዚፑን ሰርዞ፣ የተፈታውን ፎልደር ወደ ጎግል ድራይቭ ከጫነው በኋላ ነው። ብዙ ሰው «ማክ ላይ ስከፍተው ይስተካከላል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። አይስተካከልም። `ßëàßèö` ዲስክ ላይ ከተጻፈ በኋላ የፋይሉ እውነተኛ ስም እሱ ሆኗል፤ ድራይቭ፣ ማክም ሆነ ሊኑክስ በታማኝነት ያንኑ ያሳያሉ። ክላውዱ ስሙን አላበላሸም፤ ተበላሽቶ የመጣለትን ነው የጠበቀው። እዚህ ላይ መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፦ ምልክቶቹን በሠንጠረዥ 437 ወደ ባይት መመለስ፣ ባይቶቹን ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ማንበብ። ፎልደሩን ቅጂ አድርጎ፣ ፓይተን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ይህን በቅጂው ውስጥ ማስኬድ ይቻላል፦

```python
import os
for d, ds, fs in os.walk(".", topdown=False):
    for n in fs + ds:
        try:
            m = n.encode("cp437").decode("utf-8")
        except UnicodeError:
            continue
        if m != n:
            print(n, "->", m)
            # os.rename(os.path.join(d, n), os.path.join(d, m))
```

እንዳለ ሲሄድ ምንም አይለውጥም፤ አሮጌውንና አዲሱን ስም ጎን ለጎን ብቻ ያሳያል። ዝርዝሩ ትክክል ከሆነ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለውን `#` ከኋላው ካለው ክፍት ቦታ ጋር አጥፍቶ ደግሞ ማስኬድ ነው። ደህና የሆነ የአማርኛ ስም በመሐል ቢገኝ አይነካውም፤ የአማርኛ ፊደል በሠንጠረዥ 437 ውስጥ ስለሌለ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይሰናከልና ይታለፋል። የእንግሊዝኛ ስሞች ደግሞ ተለውጠው ያንኑ ስለሚሆኑ ይቀራሉ። ብልሽቱ በ`á` የሚጀምረው ዓይነት ከሆነ `cp437` የሚለውን `cp1252` ማድረግ ነው፤ ከላይ ባልነው ቀዳዳ ምክንያት ግን እንደ «ም» ያሉ ፊደላት ያለባቸው ስሞች ሊታለፉ ይችላሉ፣ እነሱን በእጅ ማረም ግድ ይሆናል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ `├ƒ├½` የመሰለ ነገር ይመጣል። ይህ የተበላሸው ስም እንደገና በማክ ታሽጎ፣ እንደገና በዊንዶውስ ተፈትቶ፣ በብልሽት ላይ ብልሽት ሲደረብ ነው። ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ማስኬድ ይበቃል፤ አንዴ ሲሄድ `ßë` ይሆናል፣ ሁለተኛ ሲሄድ አማርኛ።

ስለ ማክ ሲነሳ ሰዎች የሚጠቅሱት ሌላ ወቀሳ አለ፦ ማክ ፊደልን ይበታትናል የሚል። ለፈረንሳይኛው `é` እውነት ነው፤ ፊደሉና በላዩ ያለው ምልክት ተለያይተው ሊጻፉ ስለሚችሉ አንድ የሚመስል ስም ሁለት ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ የራሱ አንድ ቁጥር ስላለው የሚበታተን ነገር የለውም። ስለዚህ ክላውድ ላይ አንድ ፎልደር ሁለት ሆኖ ብታዩት ማክን ከመጠርጠር በፊት ፊደሉን እዩ። አንዱ «ሥላሴ» ሌላው «ስላሴ»፣ አንዱ «ሚበዝኁ» ሌላው «ሚበዝሁ» ተብሎ ይሆናል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የማይገናኙ ሁለት ስሞች ናቸው፣ ሲፈለጉም አንዱ ሌላውን አያመጣም። የቅኔ ሰው ፊደል መምረጡ እዚህም ይጠቅመዋል።

ፊደሉ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ምልክቱ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ የእኛ የአጻጻፍ ልማድ ራሱ ወጥመድ አለው። ምኅጻረ ቃል የምንጽፈው በእዝባር ነው፦ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ መ/ር፣ ደ/ማርቆስ። ዊንዶውስና ሊኑክስ ይህን ምልክት ፎልደርን ከፎልደር መለያ ስላደረጉት በስም ውስጥ አይቀበሉትም። ማክ ፋይንደር ግን ይቀበላል፤ ይቀበልና ዲስኩ ላይ በስውር ወደ `:` ይለውጠዋል። «መ/ር» የሚል ስም ዚፕ ውስጥ ሲገባ «መ:ር» ሆኖ ይሄዳል፣ `:` ደግሞ በዊንዶውስ የተከለከለ ነው። ሰቨን ዚፕ ወደ «መ_ር» ይለውጠዋል፤ ሌላው ፕሮግራም ስህተት አለ ብሎ ፋይሉን ሊዘል ይችላል። ጎግል ድራይቭም እዝባሩን ድረ ገጹ ላይ ይቀበልና ፋይሉ ሲወርድ በሰረዝ ይተካዋል። በኋላ ሁለቱን ስም አመሳስላለሁ የሚል ሰው አይገጥምለትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በፋይል ስም ውስጥ ቃሉን ሙሉ መጻፍ፦ መምህር፣ ትምህርት ቤት፣ ደብረ ማርቆስ።

ከዚሁ ጋር፣ የግዕዙ ሁለት ነጥብ «፡» በሁሉም ሥርዓት ይፈቀዳል፤ የእንግሊዝኛው `:` ግን በዊንዶውስ አይፈቀድም። ለዓይን መንትያ ስለሆኑ ከማክ ወይም ከሊኑክስ የመጣ ስም ለምን እንደማይገባ ሰው ግራ ይጋባል። የግዕዙን አጥፍቶ በባዶ ቦታ መለየት ክርክሩን ከነጭራሹ ያስቀራል።

«2016 ዓ.ም.» ብሎ በነጥብ የሚጨርስ ፎልደር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያታልላል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በስም መጨረሻ ላይ ያለን ነጥብ ቆርጠው ይጥላሉ። ፎልደሩ በሊኑክስ ኮምፒውተር በተጻፈ ዲስክ መጥቶ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ይታያል፣ ሲጫኑት ግን አይከፈትም፣ ሊሰርዙት ሲሉም «የለም» ይላል፤ የሚፈልገው ነጥብ የሌለውን ስም ነውና። ሊኑክስ ላይ መልሶ ሰክቶ የመጨረሻውን ነጥብ ማጥፋት ፈጣኑ መፍትሔ ነው። «ዓ.ም» ብሎ ማቆም ወይም ዓመቱን ከፊት ማድረግ፣ «2016 ዓ.ም. ዋሸራ» ማለት፣ ችግሩን አይፈጥረውም።

ርዝመትም አለ። ሊኑክስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አማርኛ በፊደል ሦስት ባይት ስለሚፈልግ ይህ 85 ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ስለሆነ 255 ፊደል ይፈቅዳል። የበዓሉን ስም፣ የደብሩን ስም፣ የመምህሩንና የቅኔውን ዓይነት በአንድ ስም ውስጥ የሚደረድር ሰው ዊንዶውስ ላይ ሰላም ውሎ ሊኑክስ ላይ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» የሚል መልስ ይቀበላል። ፋይሉን ሳይሆን ስሙን አሳጥሮ መላክ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት የተለመደ ምክር «በላቲን ፊደል ብቻ ጻፉ» ነው። አልቀበለውም። «ሚበዝኁ» በላቲን ሲጻፍ በአምስት ሰው እጅ አምስት ዓይነት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከብልሽቱ የባሰ ችግር ነው። ይልቅ ስሙ ፊት ቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል፦ `001 ቅኔ`፣ `002 ዜማ`። አማርኛው ወደ ሰረዝ ቢለወጥ እንኳ ቁጥሩ ይተርፋል፣ ሁለት ፋይል አንድ ስም ሆኖ አንዱ ሌላውን አይውጥም። ቁጥሩና ሙሉ ስሙ የተጻፈበት አንድ የጽሑፍ ፋይል `list.txt` ተብሎ አብሮ ከታሸገ፣ ከሁሉ የከፋው ብልሽት እንኳ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያርመው ሥራ ይሆናል።

ማሸጉን በተመለከተ፣ ለብዙ ሰው የሚደርስ ከሆነ `7z` ቅርጸት ከዚፕ ይመረጣል፤ ስሞችን ሁልጊዜ በዩኒኮድ ስለሚጽፍ የአሮጌው ሠንጠረዥ ጣጣ የለበትም። ተቀባዩ ፕሮግራሙን መጫን የማይችል ከሆነ ሳያሽጉ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ክላውድ መጫን ነው። ፍላሽም ቢሆን ያስተማምናል፤ በፍላሽ ላይ ረጃጅም ስሞች የሚጻፉት በዩኒኮድ ነውና፣ ሳይታሸግ የተገለበጠ ፎልደር ከማክ ወደ ዊንዶውስ በአማርኛው እንዳለ ይደርሳል።